ሐሙስ ማታ ስልክ ቀየረች፣ ዓርብ ጠዋት አካውንቷ ተዘጋ

ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ትንሽ የሞባይል ሱቅ አለችኝ፣ ከቨር እሸጣለሁ፣ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ግን ከዚህ እኩል ጊዜዬን የሚበላው ለሰው አካውንት መክፈትና የተዘጋበትን ለማስመለስ መሞከር ነው። የተዘጋበት ሰው ሁሉ ሱቅ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፣ «አቦ ማን ሪፖርት አርጎኝ ነው?» አንዷ ጎረቤት ነጋዴዋን ትጠረጥራለች፣ አንዱ የድሮ ፍቅረኛውን፣ አንዱ ደግሞ ብር የተበደረውን ሰውዬ። እኔ የማየው ግን አብዛኛው ማንም ሪፖርት ሳያረገው ነው የሚዘጋው፣ ለሊት ማንም ሰው ሳያየው፣ ፕሮግራም ቆጥሮ ቆጥሮ ዘጋው።

ይሄ ቆጠራ እንዴት እንደሆነ በአንዲት ደንበኛዬ ላሳያችሁ። አሸዋ ገበያ አጠገብ ድርያና ሽቶ ትሸጣለች፣ የአፑን ስም ልተወው፣ ብዙ ሰው ያለበት ሶሻል ሚዲያ ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ስልክ ስትሰራበት ቆይታ ስልኩ ተሰበረባት። ሐሙስ ማታ ሰከንድ ሃንድ ስልክ ገዛች። ፓስዎርዱን ስለማታስታውስ በኤስኤምኤስ ኮድ አስልካ ቀየረችው። ከዛ ስሙን፣ የራሷ ስም የነበረውን፣ ወደ ሱቋ ስም ለወጠችው። ከዛ አዲስ የገቡ ድርያዎች ስለነበሩ አንዱን ጽሁፍ ከነዋጋውና ከነቴሌግራም ሊንኩ ኮፒ እያረገች ሃያ ምናምን ግሩፕ ላይ ለጠፈችው፣ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። ደንበኛ መመለሱ ሲበዛባት ፓስዎርዱን ጅዳ ላለው ወንድሟ ላከችለትና እሱም ከዛው ገባ። እሷ የማታውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ የስልኩ የድሮ ባለቤት ነጻ ቪፒኤን ጭኖበት በራሱ እንዲበራ አርጎት ነበር፣ እና ድሬ ቁጭ ብላ ኔዘርላንድስ ያለች ትመስል ነበር። ዓርብ ጠዋት ስትከፍተው ታግዷል።

እስቲ አሁን እኛ እናውቃታለን የሚለውን ትተን ፕሮግራሙ ባየው ዓይን እንየው። አራት ዓመት አንድ ስልክ፣ አንድ ከተማ፣ ቀስ ያለ ጠባይ። በአንድ ማታ ውስጥ ደግሞ አይቶት የማያውቀው ስልክ፣ የተቀየረ ፓስዎርድ፣ የተቀየረ ስም፣ ሁለት አገር በአንዴ፣ ሲጨመርበት አንድ አይነት ጽሁፍ ከነሊንኩ በየደቂቃው። ይሄ አንድ በአንድ የሌባ ታሪክ ነው፣ አካውንት የሚሰርቅ ሰው የሚያረገው በትክክል ይሄንኑ ነው፣ ይገባል፣ ባለቤቱ እንዳይመለስ ፓስዎርድ ይቀይራል፣ ስም ይለውጣል፣ ከመነቃቱ በፊት ሊንኩን ይበትናል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከነዚህ ውስጥ አንዱም ለብቻው አያዘጋም። ስልክ መቀየር ወንጀል አይደለም፣ ቪፒኤንም የሚጠቀመው ስንቱ ነው፣ በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ሶሻል ሚዲያ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ እኮ ግማሻችን በቪፒኤን ነበር የምንገባው። የሞባይል ኢንተርኔትም ቢሆን በባህሪው ብዙ ሰው በአንድ አድራሻ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ከጎረቤቴ ጋ አንድ አይፒ ሆንን ብላችሁ አትጨነቁ፣ ይሄን ያውቁታል። ግን እያንዳንዱ ነገር ነጥብ አለው ብላችሁ አስቡት፣ ትንሽ ትንሽ ነጥብ ይደመራል፣ ከሆነ ልክ ሲያልፍ በሩ ይዘጋል። ልኩ ስንት እንደሆነ ደግሞ ለማንም አይነገርም፣ ቢነገር ሌቦቹ ከሱ በታች እየለኩ ይሰሩ ነበራ። ድርጅቶቹ መልሳቸው ላይ «ህግ ጥሰሻል» ብለው ዝርዝሩን የማይጽፉት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ያናድዳል ግን ነገሩ እንደዛ ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሲጨመቁ ሁለት ናቸው። ይሄ አካውንት በውነት አንድ ሰው ነው ወይ? ዛሬ የገባውስ የትናንቱ ሰው ነው? የለጠፍሽው ጽሁፍ ውስጥ ስድብ ወይም ጥላቻ አለ ወይ የሚለው ሌላ መንገድ ነው፣ እሱም አማርኛ ላይ ይሰራል፣ በ2021 እኤአ የፌስቡክ ባለቤት የሜታ የቁጥጥር ቦርድ ባየው፣ ስለ ራያ ቆቦ በተለጠፈ ፖስት ጉዳይ ላይ ፖስቱን መጀመሪያ የጠቆመው የአማርኛ አውቶማቲክ ሲስተም እንደነበር በግልጽ ተጽፏል። እሱን ግን ዛሬ እተወዋለሁ፣ ታይዋን ወደኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ ሳይሳደቡ የተዘጉ ናቸው።

አሁን ወደራሴ ጥፋት ልምጣ፣ ምክንያቱም ይግባኙ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አካውንቱ የተከፈተ ቀን ነው። እኛ ሱቆች አካውንት ስንከፍት እንቸኩላለን። የልደት ቀን ሲጠይቅ ሰውየውን ሳልጠይቅ ጣቴ የቆመበት ዓመት ላይ እተወዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው የነገረኝን የኛን አቆጣጠር እንዳለ አስገባዋለሁ፣ በኛ 12/05/1990 ጥር 12 ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20፣ 1998 ይሆናል፣ እኔ ግን 1990 ብዬ ስምንት ዓመት አስረጀሁት። በሌላ አቅጣጫ የተሳሳተ እንደሆነ የባሰ ነው፣ እነ ፌስቡክና ቲክቶክ ቢያንስ 13 ዓመት ስለሚፈልጉ ዓመቱን ብዙ ወደዚህ ካንሸራተትኩት ወይ አካውንቱ አይከፈትም ወይ ልጅ ነው ተብሎ በኋላ ይዘጋል። ስሙም እንደዛው። መታወቂያው ላይ አብዱልፈታህ የሚል ሰው በእንግሊዝኛ አንዴ በኢ አንዴ በኤ ይጻፋል፣ ወይ ደግሞ ሰፈር የሚጠራበትን ቅጽል ስም እናስገባለን። ይሄ ሁሉ አራት አምስት ዓመት ማንንም አይጎዳም። መታወቂያ አምጣ የተባለ ቀን ነው ጉዱ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ዓርብ ቀን ሱቅ ስትመጣ እያለቀሰች ነበር፣ መጀመሪያ ያረኩት ስልኩን ተቀብዬ ስክሪኑን ማንበብ ነው፣ ምክንያቱም «ተዘጋብኝ» የሚባለው ነገር አንድ አይነት አይደለም። ማንነትሽን አረጋግጪ ብሎ ኮድ ወይም ፎቶ ብቻ የሚጠይቅ አለ፣ እሱ በር ላይ ያለ ጥበቃ ማለት ነው፣ አሳይተሽ ትገቢያለሽ። መግባት እየቻልሽ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ወይም ኮሜንት መጻፍ ብቻ የሚከለክል አለ፣ ለዛ ብዙ ጊዜ የሚያበቃበት ቀን ይጻፋል፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ይሻላል። ከዛ ታግዷል የሚለው አለ፣ ይግባኝ የሚባልበት በተንና የቀሩ ቀናት ያሉት። የመጨረሻው ውሳኔው ተገምግሟል፣ ድጋሚ መጠየቅ አይቻልም የሚለው ነው። የሷ ሦስተኛው ነበር።

የቀሩ ቀናት የሚለውን ቀልድ አታድርጉት። ፌስቡክን ብንወስድ አንድ አካውንት ሲታገድ ይግባኝ ለማለት የሚሰጠው 180 ቀን ነው፣ ያ ካለፈ አካውንቱ እስከመጨረሻው ይዘጋል። ሰው ግን ተናዶ ሌላ አካውንት ይከፍታል፣ በዛው ስልክ፣ በዛው ቁጥር፣ ያው ፎቶ፣ እና አዲሱ በሁለት ቀን ይዘጋል፣ ምክንያቱም የታገደ ሰው እገዳውን ሊያመልጥ ሲሞክር ይታያላ። ከዛ ሦስተኛ ይከፍታል። በዚህ መሃል የዋናው ቀን ያልቃል። እሷም ዓርብ ማለዳ አንድ ከፍታ ነበር፣ ደግነቱ ምንም አልለጠፈችበትም፣ እንድትተወው ነገርኳት።

ይግባኙን ከመንካታችን በፊት ቪፒኤኑን አግኝተን አጠፋነው። ወንድሟን ደውላ ውጣ አለችው። ከዛ እሷ በራሷ ስልክ በራሷ ዳታ፣ በኔ ዋይፋይ ሳይሆን፣ ጀመረች። የኔ ሱቅ ዋይፋይ ላይ የስንት ሰው የተዘጋ አካውንት እንደገባበት አላህ ነው የሚያውቀው፣ ያንን ነጥብ እሷ ላይ ምን አስጨመረኝ።

ስክሪኑ ላይ ያለው `Appeal` የሚለው በተን ነው። ስትጫነው መጀመሪያ ሮቦት አለመሆንሽን በፎቶ ምናምን ይጠይቃል፣ ከዛ በስልክ ወይም በኢሜይል ኮድ ይልካል፣ ከዛ ቪዲዮ ሰልፊ መጣ። ፊትሽን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ወደ ላይ አዙሪ ይላል። እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ሰው ይጥላል፣ የሱቄ በር ከኋላዋ ከሆነ የድሬ የቀትር ጸሀይ ፊቷን ጥቁር ያረገዋል፣ ስለዚህ ወደ በሩ አዙሬ አስቀመጥኳት፣ መነጽሯን አወለቀች። አንዳንዶቹ አፖች ይሄን ቪዲዮ አካውንቱ ላይ ካሉት የራስሽ ፎቶዎች ጋር ያስተያዩታል። አራት ዓመት ሙሉ የድርያ ፎቶ ብቻ የለጠፈች ሴት ከምን ጋር ትስተያይ? የሷ ጥሩነቱ ድሮ የለጠፈቻቸው ሁለት ሦስት የፊት ፎቶዎች ነበሯት። ፕሮፋይላቸው ላይ የእግር ኳስ ተጫዋች ወይ አበባ ብቻ ያላቸው ሰዎች እዚህ ጋ ይቸገራሉ።

ቪዲዮው ከገባ በኋላ መታወቂያ ተጠየቀች። የቀበሌ መታወቂያዋን እሷ ራሷ ቸኩላ ፎቶ አንስታ ላከችው። በእጅ የተጻፈ ነው፣ በአማርኛ ብቻ፣ ላሚኔቱ ላይ የፍላሽ ብርሃን አርፎ የስሟን ግማሽ በልቶታል። በማግስቱ ማንበብ አልቻልንም ብሎ መለሰው። ይሄ እንግዲህ እምቢታ አይደለም፣ ሰው ግን እምቢ አሉኝ ብሎ እዛ ያቆማል። መልሱን በደንብ አንብቡት፣ ሌላ ላክ የሚል ካለ በሩ ገና ክፍት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ፋይዳ መታወቂያዋን ላክን። ፋይዳው ለዚህ የሚመቸው ስሙ በሁለቱም ቋንቋ ስላለ፣ የልደት ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ስላለ ነው። ፍላሽ አጥፍተን፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተን፣ አራቱም ጠርዝ እንዲታይ አርገን አነሳነው። ክሮፕ ማድረግ፣ ኤዲት ማድረግ፣ ቁጥሩን በጣት መሸፈን ነገሩን ያበላሸዋል፣ ስክሪንሾትም ባይሆን ይመረጣል።

ስሙ ግን ችግር ነበረው፣ ሐሙስ ማታ ወደ ሱቅ ስም ለውጣዋለች። የታገደ አካውንት ላይ ስም መመለስ አይቻልም። ማስረዳት የሚቻለው የሚጻፍበት ሳጥን ካለ ብቻ ነው፣ ሁሌ የለም፣ ለሷ ግን ነበር። እዛ ሳጥን ውስጥ ሰው የሚጽፈውን ብታዩ፣ «እባካችሁ የልጆች እናት ነኝ፣ በእግዚአብሔር፣ በአላህ»፣ ወይም ደግሞ «እከሳችኋለሁ»። የሚያየው ሰው፣ ሰው ካየው ማለት ነው፣ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ነው ያለው፣ ሐዘኑን የሚለካበት መስመር የለውም። የሚጠቅመው ፕሮግራሙ ያያቸውን ነገሮች አንድ በአንድ መግለጽ ነው። እኛ የጻፍነው በአጭሩ ይሄን ይላል፣ ሐሙስ ስልኬ ተሰብሮ ስለቀየርኩ ፓስዎርዱን የለወጥኩት እኔ ነኝ፣ ስልኩ ላይ ሳላውቅ ቪፒኤን ነበር አጥፍቼዋለሁ፣ ከሳዑዲ የገባው ወንድሜ ነው ወጥቷል፣ ስሙን ወደ ሱቄ ስም የለወጥኩት እኔ ነኝ ሲከፈት ወደ መታወቂያዬ ስም እመልሰዋለሁ፣ የለጠፍኩት የራሴን ዕቃ ነው ግን በጣም አብዝቼዋለሁ። በቀላል እንግሊዝኛ አምስት ዓረፍተ ነገር። የማይካድ ነገር አትካዱ፣ ሃያ ግሩፕ መለጠፏ ቁጥሩ እዛው ተመዝግቧል፣ አልለጠፍኩም ብትል የቀረውንም አያምኗትም።

ከዛ መጠበቅ። ይሄ ለሰው ከሁሉም ይከብደዋል። ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሳምንታት፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም። በዚህ መሃል በየቀኑ ሌላ ፎርም መሙላት፣ ሌላ መታወቂያ መላክ፣ የሌላ ሰው መታወቂያማ በፍጹም፣ ነገሩን ያዘገየዋል። የአውሮፓ ህብረት አገሮች ውስጥ ያሉ ዘመዶቻችን እዚህ ላይ ይሻላሉ፣ ከፌብሩዋሪ 2024 እኤአ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በሚሰራው የዲጂታል አገልግሎት ህግ መሰረት ትላልቆቹ ድርጅቶች ያገዱበትን ምክንያት መግለጽ አለባቸው፣ ቅሬታውንም በማሽን ብቻ መወሰን አይችሉም፣ ቢያንስ ስድስት ወር የመቃወሚያ ጊዜ አለ። ይሄ ህግ ድሬ አይደርስም፣ ግን ስቶክሆልም ያለ ዘመድ ካለህ አንተ ሳትሆን እሱ መብት አለው፣ ለራሱ አካውንት ብቻ።

በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ነው ደግሞ ሌቦቹ የሚመጡት። ቴሌግራም ላይ «የተዘጋ አካውንት በ24 ሰዓት እናስመልሳለን» የሚሉ፣ ቅድሚያ ብር የሚጠይቁ። እነዚህ ሰዎች ድርጅቶቹ ውስጥ የሚያውቁት ሰው የላቸውም። ወይ ያንኑ በተን ተጭነው ዕድላቸውን ይሞክራሉ፣ ወይ የመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ ብለው ይወስዱታል፣ ያኔ አካውንቱ ቢከፈት እንኳ የሚከፈተው ለነሱ ነው። እኔ ራሴ ሱቅ ለደከምኩበት ትንሽ እቀበላለሁ፣ ግን ኮዱን ባለቤቱ በራሱ እጅ ነው የሚያስገባው፣ ይመለሳል ብዬም ለማንም አልምልም።

ለሷ አምስተኛው ቀን ላይ ተከፈተላት። የትኛው ነገር እንደረዳት ማንም አልነገራትም፣ ፋይዳው ይሁን ቪዲዮው። ግሩፕ ላይ መለጠፍ ግን ለተወሰነ ቀን ተከልክላ ቆየች፣ ስሟንም መልሳ እስክታስተካክል ጠበቀች።

ያልተመለሰለት ሰውም አለ፣ እሱ የኔ ሸክም ነው። የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው፣ የባጃጅ ሹፌር። አካውንቱን የከፈትኩለት በኔ ሲም ነበር፣ እሱ ያኔ ቁጥር ስላልነበረው። በዛች ሲም እኔ ስንቱን እንደከፈትኩ አላስታውስም፣ ራሱ ነጥብ ነው እሱ፣ አንድ ቁጥርና አንድ ስልክ ላይ ብዙ አካውንት ሲወለድ ፋብሪካ ነው የሚመስለው። ሲሟ ጠፋችብኝ፣ ሳላወጣት ቆየሁ፣ ያልሰራ ቁጥር ደግሞ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሸጣል። አካውንቱ ሲታገድ ኮዱ የሚሄደው ወደዛ ቁጥር ነው። ቪዲዮውም መታወቂያውም ጋ ሳንደርስ፣ የመጀመሪያው በር ላይ ቆምን። ኢሜይል አልነበረውም። 180 ቀን ብትሰጠው ምን ያረግለታል።

ቴሌግራምን ለየብቻ ላንሳው፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ ነጋዴው ሁሉ እዛ ነው፣ አሰራሩ ደግሞ ይለያል። እዛ ላይ እውነትም ሰው ሪፖርት አርጎህ ሊሆን ይችላል። ለማያውቅህ ሰው ማስታወቂያ ወይም የቻናል ሊንክ ስትልክለት፣ ወይ ሳይፈልግ ግሩፕ ውስጥ ስትጨምረው፣ ስፓም ብሎ ይጫናል፣ መልዕክቱ ለአወያዮች ይሄዳል፣ እነሱ ካመኑበት አካውንትህ ለጊዜው ይገደባል። ሲገደብ መግባት ትችላለህ፣ ቀድሞ ለጻፈልህ ሰው ትመልሳለህ፣ ቁጥራችሁን ከተያያዛችሁት ጋር ታወራለህ፣ ለማያውቅህ ግን መጻፍ አትችልም። ለማወቅ `@SpamBot` ፈልገህ ስታርት በለው፣ ነጻ ከሆንክ ነጻ ነህ ይልሃል፣ ካልሆንክ እስከ መቼ እንደሆነ ይነግርሃል፣ ስህተት ነው ብለህ ካመንክም እዛው ቅሬታ ታስገባለህ። ድጋሚ ሪፖርት ከተደረግክ ጊዜው ይረዝማል። አዲስ የገዛኸው ሲም ገና ከመክፈትህ ተገድቦ ካገኘኸው ደግሞ የድሮው የቁጥሩ ባለቤት ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ይሄም በቅሬታው ላይ የሚጻፍ ነገር ነው።

አሁን ሱቄ ውስጥ አካውንት የሚከፍተው ሰውዬው ራሱ ነው፣ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ሲም። እኔ የልደት ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ወረቀት ላይ እሰጠዋለሁ፣ ስሙን ከመታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል እናያለን፣ ኢሜይልም እንጨምራለን። ከድሮው ሁለት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ያጉረመርማል። የድርያዋ ልጅ ወንድም አሁንም ለደንበኛ የሚመልሰው ከጅዳ ነው፣ ፓስዎርዷን ግን አያውቅም፣ የሱቁን ገጽ ለብቻ ከፍታ እሱን በራሱ አካውንት ሠራተኛ አርጋ አስገባችው።